ጺም ማሳደግ ሲጀመር ለምን ያሳክካል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ የቀረቡት መልሶች ለዓመታት በምላጭ ሲላጩ ኖረው አሁን ጺማቸውን ለማሳደግ ለወሰኑ ወይም በሐዘን ምክንያት መላጨት ላቆሙ ሰዎች የተዘጋጁ ናቸው። ስለ ጺም አያያዝ የሚሰጠው ምክር አብዛኛው ቀጥ ያለና ለስላሳ ጸጉርን ታሳቢ ያደረገ በመሆኑ፣ እዚህ ላይ ትኩረት የተሰጠው ለጥቅልል ጸጉር ነው፤ ማሳከኩ የሚብሰውም በዚህ ዓይነቱ ጺም ላይ ነውና።

መላጨት ባቆምኩ በጥቂት ቀናት ውስጥ ፊቴን የሚበላኝ ለምንድን ነው?

ዋናው ምክንያት የጸጉሩ ጫፍ ነው። ምላጭ ነክቶት የማያውቅ ጸጉር ወደ ጫፉ እየቀጠነ ስለሚሄድ በጣት ሲዳሰስ ይለሰልሳል። ምላጭ የቆረጠው ጸጉር ግን ሙሉ ውፍረቱን እንደያዘ የተቋረጠ ነው፤ ምላጩ ብዙውን ጊዜ በሰያፍ ስለሚቆርጠውም ጫፉ እንደ ተቀረጸ እርሳስ ሾሎ ይቀራል። በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ለሚላጭ ሰው ይህ ሹል ጫፍ ብቅ ከማለቱ ስለሚወገድ ችግሩ አይታወቀውም። መላጨቱ ሲቆም ግን ጸጉሩ ለመተኛት ገና አጭር፣ ለመውጋት ግን በቂ የሆነበት ርዝመት ላይ ይደርሳል። ሰውየው ሲያኝክ፣ ሲያወራ፣ በጎኑ ሲተኛ ወይም ኮሌታው አንገቱን ሲነካው እያንዳንዱ ጫፍ አጠገቡ ያለውን ቆዳ ይወጋል።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚመጣው የቆዳው ድርቀት ነው። ምላጭ ጸጉሩን ብቻ ሳይሆን የሞተውን የላይኛውን የቆዳ ሽፋንም እየፋቀ ይወስድ ነበር፤ አሁን ያ ቅርፊት በጺሙ ሥር ተከማችቶ ይቀራል። ቆዳው የሚያመነጨው ወዝም እንደ ቀድሞው ፊት ላይ ከመሰራጨት ይልቅ ከፊሉ ወደ ጸጉሩ ይሄዳል። በዚህ ላይ ሰውየው ቀድሞ በለመደው ሳሙና ፊቱን በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ የሚታጠብ ከሆነ፣ በጺሙ ሥር ያለው ቆዳ ይሰነጣጠቅና የጸጉሩ ጫፍ በቀላሉ የሚያስቆጣው ይሆናል። በጥፍር ማከክ ደግሞ ስንጥቁን ያሰፋዋል፤ የተቆጣው ቆዳም መልሶ ያሳክካል።

ጸጉሬ ጥቅልል መሆኑ ለውጥ ያመጣል?

በጣም ያመጣል። የጥቅልል ጸጉር ሥር የተቀመጠበት ከረጢት ራሱ ጎባጣ በመሆኑ ጸጉሩ ከቆዳው ሲወጣ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ አይወጣም፤ ጎንበስ ብሎ ወደ ቆዳው ይመለሳል። ጫፉ በምላጭ የሾለ ከሆነ ከወጣበት ቀዳዳ ጥቂት አለፍ ብሎ ቆዳውን ይበሳና መልሶ ይገባል። ሰውነትም የራሱን ጸጉር እንደ ባዕድ ነገር ቆጥሮ ስለሚከላከለው በቦታው ላይ ጠንከር ያለ፣ የሚያሳክክና አንዳንዴም የሚያም እብጠት ይወጣል። በጸጉር ቤቶች ብዙ ሰው «ምላጭ አይስማማኝም» የሚለው ይህንኑ ነው።

ብጉር የሚመስለው ይህ እብጠት በአብዛኛው የሚታየው በአንገትና በመንጋጋ ሥር ነው፤ እዚያ ያለው ጸጉር በተለያየ አቅጣጫ የሚያድግና ለቆዳው ቀረብ ብሎ የሚተኛ ነውና። ችግሩ በአፍሪካውያንና በአፍሪካዊ ትውልድ ሰዎች ላይ የተለመደ በመሆኑ፣ በአሜሪካ ጦር ውስጥ ሐኪሞች ለብዙ ጥቁር ወታደሮች በየዕለቱ ከመላጨት ግዴታ ነጻ የሚያደርግ የሕክምና ወረቀት ለዓመታት ሲሰጡ ኖረዋል። ስለዚህ አንገትዎ ላይ ከማሳከክ አልፎ ትናንሽ እብጠቶች ቢያወጡ የንጽሕና ጉድለት ነው ብለው አይደምድሙ፤ እንዲያውም ጠበቅ አድርጎ መላጨትና አብዝቶ መፈግፈግ ያብሱታል።

በስንተኛው ቀን ይጀምራል? መቼስ ይተወኛል?

የጺም ጸጉር በወር ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋል። ጊዜውን ለማየት በአገራችን የተለመደውን ሁኔታ እንውሰድ፦ ለዓመታት በየሁለት ቀኑ በምላጭ ሲላጭ የኖረ አንድ ሰው ከቀብሩ ዕለት ጀምሮ ምላጭ ሳያነሳ እስከ አርባው ድረስ ይቆያል እንበል።

በመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ቀናት ፊቱ ከመሻከር በቀር ብዙም አይሰማውም። ከአምስተኛው ቀን ገደማ ጀምሮ እስከ ሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ድረስ ያለው ጊዜ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ጸጉሩ ከ2 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሚሆነው በዚህ ጊዜ ነው። ወደ ቆዳው ተመልሶ የሚገባው ጸጉር ካለም እብጠቶቹ መላጨት ከቆመ በኋላ እየቀነሱ ሳይሆን እየበዙ ሲሄዱ ይታያሉ። ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ምላጭ የሚያነሳው እዚህ ላይ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ጸጉሩ መተኛት ይጀምራል፤ ጫፉም ከቆዳው ይርቃል። ወሩ ሲሞላና ጸጉሩ 1 ሴንቲ ሜትር ሲጠጋ ደግሞ ተቀብረው የነበሩት ጸጉሮች በራሳቸው እድገት እየተወጠሩ ከቆዳው ይላቀቃሉ፤ እብጠቱም ይከስማል። በአርባው ቀን ማሳከኩ አብዛኛውን ጊዜ ተረስቷል።

ይሁንና ሰውየው ለተዝካሩ ማግስት ጸጉር ቤት ገብቶ ጺሙን በምላጭ ልጭት ሲያደርግ ሹሉን ጫፍ እንደ አዲስ ይፈጥራል። ከአንገቱ እብጠት ገና የተገላገለ ሰው መላጨት ካለበት በምላጭ ፋንታ በማሽን ቢያንስ 1 ሚሊ ሜትር አስተርፎ ማሳጠር ይሻለዋል። በሐዘን ላይ ቅባት መቀባትን የማይወድ ሰው ደግሞ ቀጥሎ ከተዘረዘሩት ነገሮች በለብታ ውኃ የተነከረውን ፎጣ ብቻ ቢጠቀምም እፎይታ ያገኛል።

ማሳከኩ እንዲቆም አንዴ ተላጭቼ እንደገና ብጀምርስ?

ለሁለት ቀን ያርፋሉ፤ ከዚያ ያንኑ ሁለት ሳምንት ከመጀመሪያው ይጀምሩታል። ርዝመቱ ካስጨነቀዎ ወይም የሥራ ቦታዎ የተስተካከለ ፊት የሚጠይቅ ከሆነ፣ ርዝመት መወሰኛ ማበጠሪያ በተገጠመለት ማሽን ሁሉንም ወደ 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ማስተካከል ይቻላል። ማሽን ከቆዳው ወለል በላይ ስለሚቆርጥ ጫፉ ከቆዳው በታች ተደብቆ አይቀርም። ሆኖም እንደገና ያጠረው ጸጉር ለጥቂት ቀናት መውጋቱ አይቀርም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ወር እስኪሞላ ማሽኑንም ቢሆን አለመንካቱ የተሻለ ነው።

ፊቴን በምን ልታጠብ?

የፊት ቆዳ በተፈጥሮው ለዘብ ያለ አሲዳማነት አለው፤ ተራ የገላ ሳሙና፣ በተለይም የልብስ ሳሙና፣ ከዚያ እጅግ የራቀ በመሆኑ ቆዳውን ያደርቃል። ጺም የሌለው ፊት ይህን ይችለው ይሆናል፤ ጺም ያለው ግን ሳሙናው በጸጉሩ መካከል ስለሚቀርና ታጥቦ ለመውጣት ስለሚያስቸግር ከሥሩ ያለው ቆዳ ለረጅም ሰዓት ይጎዳል። ውኃው ራሱ ማዕድን የሚበዛበት ከሆነ፣ ለምሳሌ እንደ ድሬዳዋ ባሉ ከተሞች፣ ሳሙና ከማዕድኑ ጋር ተዋሕዶ የማይሟሟ ዝቃጭ በጸጉሩ ላይ ይተዋል።

ስለዚህ በቀን አንድ ጊዜ፣ በተለይም ማታ፣ ጠረኑ ባልበዛ ለስላሳ የፊት መታጠቢያ ወይም በጥቂት የሕፃናት ሻምፖ መታጠብ በቂ ነው፤ ጠዋት በውኃ ብቻ ይለቅለቁ። ውኃው ለብ ያለ እንጂ ትኩስ አይሁን። መታጠቢያውን በጣት ጫፍ እስከ ቆዳው ድረስ አድርሰው ቀስ ብለው ያሹት፤ ከዚያም አረፋው ከሄደ በኋላ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ማለቅለቅዎን ይቀጥሉ። ፎጣውን እየጫኑ ውኃውን ያስመጥጡ እንጂ አይፈግፍጉ።

እብጠት ላለው ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ንጹሕ ትንሽ ፎጣ በለብታ ውኃ ነክሮ መንጋጋና አንገት ላይ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ማቆየት ቆዳውን ያለሰልሳል፤ የታመቀው ጸጉርም በቀላሉ ብቅ እንዲል ያደርጋል። ይህን ጠዋትና ማታ ማድረግ ይቻላል፤ ወጪም የለውም።

ቅቤ፣ ቫዝሊን፣ ግሊሰሪን፣ የጺም ዘይት፦ የትኛው ይሻላል?

መጀመሪያ የሚወስነው የሚቀባው ነገር ሳይሆን የሚቀባበት ሰዓት ነው። ማንኛውም ቅባት ያለውን እርጥበት እንዳይተን ይይዛል እንጂ የሌለውን አያመጣም፤ በደረቀ ፊት ላይ ከሰዓት በኋላ የተቀባ ዘይት ጸጉሩን ከማብለጭለጭ አያልፍም። ፎጣው ውኃውን ከመጠጠ በኋላ፣ ፊቱ ገና ርጥብ እያለ በሁለትና ሦስት ደቂቃ ውስጥ መቀባት አለበት። ሁለተኛው ነገር የሚቀባው ቆዳው መሆኑ ነው። ጥቂት ጠብታ በመዳፍ አሽቶ በጣት ጫፍ ከጸጉሩ ሥር ማድረስ፣ መጨረሻ ላይ መዳፉ ላይ የተረፈውን በጸጉሩ ላይ ማስኬድ ትክክለኛው ቅደም ተከተል ነው። ለአጭር ጺም ከሦስት እስከ አምስት ጠብታ ይበቃል።

ከነገሮቹ መካከል ቫዝሊን ርካሽና እርጥበት በመያዝ ብርቱ ነው፤ ሆኖም የምስር ፍሬ ከምታክል በላይ ከተወሰደ ያጣብቃል፤ አቧራም ይሰበስባል። ግሊሰሪን እርጥበት ሳቢ ስለሆነ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን እንዳለ ፊት ላይ መደረግ የለበትም። አንድ እጅ ግሊሰሪን በሁለት ወይም ሦስት እጅ ውኃ ተበርዞ መቀባት አለበት፤ አለዚያ በኅዳርና በታኅሣሥ ደረቅ አየር፣ ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች ቀኑን ሙሉ በማቀዝቀዣ ሥር ለሚውል ሰው፣ እርጥበቱን ከቆዳው ራሱ ሊስብ ይችላል። መዓዛ የሌለው ተራ የፊት ሎሽንም ለመጀመሪያው ወር ከበቂ በላይ ነው። በጠርሙስ የሚሸጠው የጺም ዘይት በአብዛኛው የዕፅዋት ዘይትና መዓዛ ድብልቅ ሲሆን፣ መዓዛው በተቆጣ ቆዳ ላይ ራሱ ማሳከክ ሊያመጣ ስለሚችል ገና በሁለተኛው ሳምንት ላይ ላለ ሰው አልመክረውም።

ስለ ቅቤ፦ ለራስ ጸጉር የሚደረገው ለጺም የማይደረግበት ምክንያት አለው። በቆዳችን ላይ የሚኖር አንድ ዓይነት እርሾ መሰል ፈንገስ በስብ ይመገባል፤ በቅቤና እንደ ወይራ ባሉ የዕፅዋት ዘይቶች ውስጥ ያለው ስብም ይስማማዋል። ለፎረፎር ተጋላጭ የሆነ ሰው ፊቱን ቅቤ ቢቀባ ማሳከኩ ሊብስበት ይችላል፤ ቫዝሊንና ግሊሰሪን ግን ለፈንገሱ ምግብ አይሆኑም።

የተቀበረውን ጸጉር ነቅዬ ላውጣው?

አይንቀሉት። የተነቀለ ጸጉር ከሥሩ እንደገና ሲያድግ ከቆዳው ሳይወጣ ውስጥ ለውስጥ ሊታጠፍ ይችላል፤ ቦታውም ይጠቁራል ወይም ይቆስላል። ከላይ በተገለጸው የለብታ ፎጣ ካለሰለሱት በኋላ ጸጉሩ እንደ ቀለበት ከቆዳው በላይ ጎብጦ የሚታይ ከሆነ፣ በአልኮል በተጠረገ መርፌ ቀለበቱ ሥር ገብተው ጫፉን ብቻ ወደ ላይ ብድግ ማድረግ ይቻላል፤ ሥሩ እዚያው ይቆያል። ጸጉሩ በግልጽ የማይታይ ከሆነ ግን ቆዳውን አይቆፍሩ።

ለቀሪው ጺም ለስላሳ የፊት ብሩሽ ወይም ጥርሱ ሰፋ ያለ ሚዶ በቀን አንድ ጊዜ፣ ፊቱ ርጥብ እያለ፣ ማስኬዱ ጸጉሩ ወደ ቆዳው እንዳይመለስ ይረዳል። ቅርፊት ከመከማቸቱ በፊትም ያነሳዋል። ከሁለተኛው ሳምንት በፊት ግን ሚዶው የሚይዘው ጸጉር ስለማይኖር መቸኮል አያስፈልግም።

ጸጉር ቤት ስሄድ ለባለሙያው ምን ልበለው?

ራስዎን ሲቆረጡ ጺሙ እንዳይነካ፣ የአንገቱ ጠርዝም በምላጭ እንዳይሠራ አስቀድመው ይንገሩት። ብዙ ባለሙያዎች ሳይጠየቁ ጠርዙን በምላጭ ያሰምራሉ፤ እብጠቱ የሚወጣው ደግሞ በትክክል እዚያ መስመር ላይ ነው። ጠርዝ ማስያዝ ከፈለጉ ማሽኑን ቆዳው ላይ ሳይጫን እንዲያደርገው ይጠይቁት።

ሲጨርስ በስፕሬይ የሚነፋው አልኮል ጤናማ ቆዳን ያቃጥላል፤ ያደርቃልም። ማሽኑን በአልኮል መጥረጉ ግን ተገቢ ነው፤ ጭርትና መግል የሚቋጥር ብጉር ባልጸዳ ማሽን ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋሉና። እርስዎ ፊት ሲያጸዳው ማየት መብትዎ ነው፤ የራስን ማሽን ይዞ መሄድም እየተለመደ ነው።

ጺሜ ሥር ነጭ ቅርፊት አለ፤ ድርቀት ነው ወይስ ፎረፎር?

ደረቅ ቆዳ የሚያራግፈው ቅርፊት ደቃቅና ነጭ ነው፤ በመታጠቢያና በቅባት ለውጥም በአንድ ሳምንት ገደማ ይቀንሳል። ፎረፎር ግን ቅርፊቱ ወፈር ያለ፣ ወዛማና ወደ ቢጫ የሚያደላ ሲሆን ቆዳው ቀላ ወይም ፈዘዝ ይላል፤ በአፍንጫ ጎንና በቅንድብ መካከል፣ በራስ ቆዳም ላይ አብሮ ይታያል። ቅባት ሲቀቡት የሚሻለው መስሎ የሚመለስ ከሆነ ፎረፎር መሆኑን ይጠርጥሩ።

ለዚህ የሚያገለግለው 2 በመቶ ኬቶኮናዞል ያለው ሻምፖ ነው። ጺሙን አርጥበው እስከ ቆዳው ድረስ ይቀቡትና ከ3 እስከ 5 ደቂቃ አቆይተው ይታጠቡ፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ወዲያው በመታጠቡ ነው፤ መድኃኒቱ ቆዳው ላይ ካልቆየ አይሠራም። ሻምፖው ጸጉሩን ስለሚያደርቅ ከዚያ በኋላ ሎሽን ያስፈልጋል።

ከመድኃኒት ቤት የማሳከክ ክሬም ገዝቼ ብቀባስ?

ጥንቃቄ የሚያሻው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ለማሳከክ ተብለው የሚሸጡት ክሬሞች ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታዞል የተባሉ ጠንካራ ስቴሮይዶችን ይይዛሉ፤ አንዳንዶቹም ከፀረ ፈንገስ ጋር የተቀላቀሉ ናቸው። በሁለት ቀን ውስጥ ማሳከኩን ስለሚያጠፉት ፍቱን ይመስላሉ። በፊት ላይ ለሳምንታት ሲቀቡ ግን ቆዳውን ያሳሳሉ፣ ብጉር ያወጣሉ፤ ችግሩ ጭርት ከሆነ ደግሞ ምልክቱን ደብቀው ፈንገሱ ከሥር እንዲስፋፋ ያደርጋሉ። ቱቦው ላይ ያለውን የመድኃኒት ስም ያንብቡ፤ ከእነዚህ አንዱ ከሆነ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፊትዎን አይቀቡት። 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲሶን ለጥቂት ቀናት መጠቀም ከዚህ የተለየና የቀለለ ነገር ነው።

ሐኪም ጋ መሄድ ያለብኝ መቼ ነው?

ስድስት ሳምንት አልፎም ማሳከኩ ካልቀነሰ፤ እብጠቶቹ መግል ከቋጠሩ፣ ከሞቁና ካመሙ ወይም ትኩሳት ካለ፤ አንገት ላይ ጠባሳው እየወፈረና እየጠነከረ ከሄደ። የጺሙ ጸጉር ሲነካ ያለ ሕመም የሚነቀልና ቦታው የሚመለጥ ከሆነ ጭርት ሊሆን ይችላል፤ ይህ በተለይ ከከብትና ከጥጃ ጋር በቅርብ የሚሠሩ ሰዎችን ይይዛል፤ ፈንገሱ ከጸጉሩ ሥር ስለሚገባም ክሬም ብቻውን አይደርስበትም፣ የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ማሳከኩ ጺም ብቻ ሳይሆን ጣቶች መካከልና ወገብ ላይም ካለ፣ ሌሊት የሚብስና ሌላውን የቤት ሰው የሚያሳክክ ከሆነ፣ ነገሩ ከጺም ጋር የማይገናኝ እከክ ነው፤ መላው ቤተሰብ አብሮ መታከም አለበት።

ወደ ቆዳ ሐኪም ሲሄዱ በዚያ ጠዋት ፊትዎን ምንም አይቀቡ፤ ጺሙንም አስቀድመው አይላጩት፤ ሐኪሙ ቅርፊቱን ፍቆ ወይም ጸጉር ወስዶ ማስመርመር ሊፈልግ ይችላል። እስከዚያ ቀን የተጠቀሙባቸውን ቱቦዎችና ጠርሙሶች ሁሉ ይዘው ይሂዱ።